የኮሌጅና የሆስፒታል የመግባቢያ ሰነድ፦ የድሬዳዋ የተግባር ልምምድ ምደባ ሲመረመር

የጤና ባለሙያ የሚያሠለጥን ኮሌጅ የትምህርቱን ዋና ክፍል የሚሰጠው በራሱ ግቢ ውስጥ አይደለም። ነርስ በሽተኛን መያዝ፣ አዋላጅ ሕፃን መቀበል የሚማሩት በሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ ግን የኮሌጁ ንብረት አይደለም፤ መምህሩም በዚያ እንግዳ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል አንድ ሰነድ ይፈረማል። የመግባቢያ ሰነድ የሚባለው ይህ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስትና ከአራት ገጽ አይበልጥም፤ በሁለት ኃላፊዎች ፊርማና ማኅተም ይጸድቃል፤ ከዚያም በመዝገብ ቤት ይቀመጣል። የብዙ ወጣቶች ሙያ የሚመሠረተው በዚህ ጽሑፍ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ሰነዱን ራሱን እንደ አንድ የትምህርት ጽሑፍ አንብቦ የሚመረምር ሰው እምብዛም አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች የሚመረመረው የአንድ ተቋም ሰነድ ሳይሆን የተለመደው የአጻጻፍ ፈለግ መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን እንፈልጋለን።

ሀ. የሁለት ባለቤቶች ጉዳይ

ሰነዱ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ወደ ኋላ መመልከት ይጠቅማል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ሠራተኞችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። እዚያ ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ ከመነሻው የታሰቡት አንዱ ለሌላው ነው። መምህሩ በሕሙማን ክፍል ውስጥ ባለቤት እንጂ እንግዳ አልነበረም።

በድሬዳዋ ሁኔታው ይለያል። የከተማው የመንግሥት ሆስፒታሎች ድል ጮራና ሳቢያን በከተማው አስተዳደር ጤና ቢሮ ሥር ያሉ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ተጠሪነቱ ለትምህርት ሚኒስቴር ነው። የግል የጤና ኮሌጆች ሌላ ባለቤትና ሌላ ተቆጣጣሪ አላቸው። የተማሪውን ቁጥር የሚወስነው አንዱ፣ አልጋውን የሚያስተዳድረው ሌላው ነው። ኮሌጁ ተጨማሪ አርባ ተማሪ በተቀበለ ጊዜ የሆስፒታሉ አዋላጆች ቁጥር በአንድም ሰው አይጨምርም። የተማሪውን መብዛት የሚሸከመው ባለሙያ ስለ ተማሪው ቅበላ ያልተጠየቀ ሰው ነው ማለት ነው። የመግባቢያ ሰነዱ ይህን ክፍተት እንዲሞላ የታሰበ ብቸኛ ድልድይ ነው፤ ስለሆነም የሚመዘነው በቃላቱ ውበት ሳይሆን ድልድዩ ሰው የሚያሻግር በመሆኑ ወይም ባለመሆኑ ነው።

በተለመደው አጻጻፍ የሰነዱ የመጀመሪያ ድክመት የሚገኘው በግሶቹ ላይ ነው። «ሆስፒታሉ ለተማሪዎች አስፈላጊውን ትብብር ያደርጋል»፤ «ኮሌጁ በቂ ክትትል ያደርጋል»፤ «ሁለቱ ወገኖች ችግር ሲያጋጥም በመግባባት ይፈታሉ» የሚሉ አንቀጾች የሰነዱን አብዛኛ ክፍል ይይዛሉ። «አስፈላጊ» እና «በቂ» የሚሉት ቃላት ማን እንደሚለካቸው አልተነገረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1679 ውል የሚቆመው ተዋዋዮቹ የግዴታቸውን ነገር ወስነው ሊገደዱበት በመስማማታቸው መሆኑን ይገልጻል። በአንቀጽ 1714 ደግሞ የተዋዋዮቹ ግዴታ በበቂ ሁኔታ ተለይቶ ሊታወቅ ካልቻለ ውሉ ውጤት እንደማይኖረው ይደነግጋል። የመግባቢያ ሰነድ ውል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለሕግ ሊቃውንት እንተወው። ይሁን እንጂ ሕጉ ያስቀመጠው መለኪያ ለትምህርት ሰውም ያገለግላል፤ ግዴታው ተለይቶ ካልታወቀ የሚጠየቅበት ሰው አይኖርም።

ለ. የቆይታ ጊዜ፦ ሳምንት ምንን ይለካል?

ሰነዱ በቁጥር የሚናገረው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ይኸውም በቆይታው ላይ ነው። «ልምምዱ ለ8 ሳምንት ይቆያል» ይላል። ቁጥር ስላለበት አንባቢው ጉዳዩ የተወሰነ ይመስለዋል። እኛ ግን የሰነዱ ትልቁ ስሕተት በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ነው እንላለን። ሳምንት የሚለካው ተማሪው በሆስፒታሉ የቆየበትን ጊዜ እንጂ የሠራውን ሥራ አይደለም። ይህን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ በስሌት እንከተል። የምሳሌው ቁጥሮች ለማስረጃነት የተወሰዱ እንጂ የአንድ ሆስፒታል መዝገብ አይደሉም፤ ዕቅድ አውጪው በእነርሱ ቦታ የራሱን አካባቢ ቁጥር ሊተካ ይችላል።

አንድ ኮሌጅ 40 የአዋላጅነት ተማሪዎች አሉት እንበል። ሥርዓተ ትምህርቱ እያንዳንዱ ተማሪ በተቆጣጣሪ ፊት 20 እናቶችን እንዲያዋልድ ይጠይቃል። በጠቅላላው 800 ወሊድ ያስፈልጋል ማለት ነው። ተማሪዎቹ የሚመደቡበት ማዋለጃ ክፍል በአማካይ በቀን 10 ወሊድ ያስተናግዳል። 8 ሳምንት 56 ቀን ስለሆነ በዚህ ጊዜ 560 ወሊድ ይኖራል። እስከዚህ ድረስ የጎደለው ብዙ አይመስልም።

አሁን ከዚህ ላይ መቀነስ ያለበትን እንቀንስ። ከአምስቱ አንዷ እናት በቀዶ ጥገና የምትወልድ ከሆነ ለተማሪው የሚቀረው 448 ነው። በዚያው ወቅት የሌላ ኮሌጅ ተማሪዎች በዚያው ክፍል ተመድበው ከሆነና ዕድሉን እኩል ከተካፈሉት 224 ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሰዓቱ ነገር ነው። የኮሌጁ ተማሪዎች የሚገኙት እንደ መንግሥት ሥራ ሰዓት ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 8 ሰዓት ከሆነ፣ በሳምንት ካለው 168 ሰዓት ውስጥ የሚገኙት 40 ሰዓት ብቻ ነው። ምጥ ደግሞ የሥራ ሰዓት አይጠብቅም። ከ224ቱ ወሊድ በእነርሱ ፊት የሚፈጸመው 53 ያህል ነው። ለ40 ተማሪዎች ሲካፈል ለአንዱ ከአንድ ወሊድ እምብዛም አይበልጥም።

ሥርዓተ ትምህርቱ 20 ይላል፤ ክፍሉ የሚሰጠው አንድ ነው። ሰነዱ ግን በሁለቱም ወገን አልተጣሰም፤ ተማሪዎቹ 8 ሳምንት ቆይተዋል፤ ሆስፒታሉም ትብብር አድርጓል። አንድ ሰነድ በሙሉ ተፈጽሞ ሳለ የተጻፈበት ዓላማ ሳይደረስ ከቀረ፣ ጉድለቱ ያለው በአፈጻጸሙ ሳይሆን በጽሑፉ ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ስሌት ይገኛል። ተማሪዎቹ በሦስት ተረኝነት ተከፍለው ሌሊትና ቅዳሜ እሑድ ቢገኙ፣ ዕድሉን ከሌላው ኮሌጅ ጋር እየተካፈሉም እንኳ በቀን 4 ወሊድ ያገኛሉ። በተጨማሪ አራት ጤና ጣቢያዎች በምደባው ቢገቡና እያንዳንዳቸው በቀን በአማካይ አንድ ወሊድ ቢኖራቸው፣ የቀኑ ድምር 8 ይሆናል። 800 ለ8 ሲካፈል 100 ቀን ነው። ስለዚህ ትክክለኛው የቆይታ አንቀጽ «8 ሳምንት» የሚለው ሳይሆን «በሦስት ተረኝነት፣ በሆስፒታሉና በአራት ጤና ጣቢያዎች፣ 100 ቀን፤ ወይም እያንዳንዱ ተማሪ 20 ወሊድ እስኪያጠናቅቅ» የሚለው ነው። ቀኑ ከወሊዱ ቁጥር ይመነጫል እንጂ የወሊዱ ቁጥር ከቀኑ አይመነጭም።

ከዚህ ላይ ለዕቅድ አውጪዎች የሚሆን አንድ ቁም ነገር አለ። 100 ቀን በትምህርት ዘመኑ ውስጥ የማይገኝ ከሆነ፣ መቀነስ ያለበት ወሊዱ ሳይሆን ቅበላው ነው። የመቀመጫ ቁጥር የሚወሰነው በመማሪያ ክፍሉ ስፋት ሳይሆን በማዋለጃ ክፍሉ መዝገብ መሆን ይገባዋል። ይህን ለማድረግ ደግሞ ሰነዱ ከቅበላ በፊት መፈረም አለበት። ተማሪው ሦስተኛ ዓመት ከደረሰ በኋላ የሚፈረም ሰነድ ችግሩን ይመዘግበዋል እንጂ አያስቀረውም።

ሐ. ግዴታ፦ በአልጋው አጠገብ የሚቆመው ማን ነው?

የግዴታ አንቀጾች ሲመረመሩ ሁለተኛው ጉድለት ይገለጣል። ሰነዱ ግዴታን የሚሰጠው ለተቋም ነው፤ ሥራው የሚሠራው ግን በሰው ነው። «ሆስፒታሉ ይቆጣጠራል» ሲባል፣ ሌሊት በ8 ሰዓት ምጥ ላይ ያለች እናት አጠገብ ተማሪው ቆሞ ሳለ የሚቆጣጠረው ማን ነው? የኮሌጁ መምህር ቤቱ ነው። የክፍሉ ተረኛ አዋላጅ ሌሎች ሦስት እናቶች አሏት፤ ማስተማር በሥራ መደቧ ዝርዝር ውስጥ አልተጻፈም፤ ለዚህም የሚቀነስላት ሥራ የለም። በዚህ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ተማሪው ከግድግዳ ተጠግቶ ተመልካች ሆኖ ያነጋል፤ ወይም ማንም ሳያየው ከአቅሙ በላይ የሆነ ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው ተማሪውን ይጎዳል፤ ሁለተኛው እናቲቱን።

ስለዚህ ሰነዱ ሦስት ነገሮችን በግልጽ መናገር ይኖርበታል። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ተረኝነት ለተማሪዎቹ ኃላፊ የሚሆነው የየትኛው የሥራ መደብ ባለሙያ እንደሆነና በአንድ ጊዜ ከስንት ተማሪ በላይ እንደማይሰጠው፤ ሁለተኛ፣ ተማሪው በየትኛው የትምህርት ደረጃ የትኛውን ሥራ በመመልከት፣ የትኛውን በእገዛ፣ የትኛውን ደግሞ በተቆጣጣሪ ፊት በራሱ እጅ እንደሚሠራ፤ ሦስተኛ፣ ለሚያስተምረው የሆስፒታል ባለሙያ የሚሰጠው ምን እንደሆነ። ይህ ሦስተኛው የግድ ገንዘብ መሆን የለበትም፤ የሥራ ሰዓት ቅናሽ፣ የምስክር ወረቀት፣ በኮሌጁ የትምህርት ዕድል ሊሆን ይችላል። ምንም ካልተጻፈ ግን ማስተማሩ በባለሙያው በጎ ፈቃድ ላይ ይወድቃል፤ በጎ ፈቃድ ደግሞ በተረኝነት መርሐ ግብር ውስጥ ሊመዘገብ አይችልም።

በድሬዳዋ ይህን የሚያወሳስብ አንድ ነገር አለ። ወደ ከተማዋ ሆስፒታሎች የሚመጡት ሕሙማን የከተማው ነዋሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ከምሥራቅ ሐረርጌና ከሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የሚመጡ ብዙ ናቸው። በአንድ ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ይነገራል። ከሌላ አካባቢ የመጣ ተማሪ ከሦስቱ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ምጡ መቼ እንደጀመረ እንኳ እናቲቱን ጠይቆ መረዳት አይችልም። ፈቃዷንም ሊጠይቃት አይችልም። በተለመደው ሰነድ ስለ ቋንቋ አንድም ቃል አይገኝም። ተማሪዎች በቋንቋ ተቀላቅለው በቡድን እንዲመደቡ የሚያዝ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ምንም ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ያቃልላል።

ሌላው ከግዴታ ክፍል የሚጎድለው የተማሪው የራሱ ደኅንነት ነው። «ተማሪዎች ራሳቸውን ከአደጋ ይጠብቃሉ» የሚለው አንቀጽ ግዴታውን ከሁለቱም ተቋማት አንሥቶ በሦስተኛው ወገን ላይ ይጥላል፤ ሦስተኛው ወገን ደግሞ ሰነዱን አልፈረመም። የጉበት በሽታን የሚከላከለው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የሚሰጠው በሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር፣ ሦስተኛው ስድስት ወር ቆይቶ። ስለዚህ የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር ከምደባው አንድ ወር በፊት ለሆስፒታሉ ከተላከ ክትባቱ በጊዜው ሊያልቅ አይችልም። ስድስት ወር ቀድሞ የሚጀምር ክትባት ስድስት ወር ቀድሞ የሚፈረም ሰነድ ይፈልጋል። እንዲሁም ተማሪ በተጠቀሙበት መርፌ ቢወጋ ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ ተጀምሮ ለ28 ቀን መወሰድ አለበት። በሌሊት የተወጋ ተማሪ ወደ ማን እንደሚሄድ፣ መድኃኒቱን ማን እንደሚሰጠው በሰነዱ ካልተጻፈ፣ ወቀሳ ፈርቶ ዝም ይላል፤ 72ቱ ሰዓት በዝምታ ያልፋል።

መ. ጉድለቱ በምን ይታወቃል?

የምደባ ጉድለት በፈተና አይገለጥም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ዕውቀትን በምርጫ ጥያቄ የሚለካ እንጂ እጅን የሚያይ አይደለም። አንድ ወሊድ ብቻ ያየ ተማሪ የምጥን ደረጃዎች በትክክል መልሶ ሊያልፍ ይችላል።

ጉድለቱ የሚገለጠው ሎግቡክ በሚባለው የክንውን ደብተር ላይ ነው፤ ለዚያውም አንባቢው ማስተያየት ካወቀ። ተማሪው የሠራውን እየመዘገበ ተቆጣጣሪውን ያስፈርማል። ዕድሉ አንድ ሆኖ የሚጠየቀው ሃያ ሲሆን፣ ደብተሩ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። አንዲት እናት ስትወልድ አምስት ተማሪዎች ይከቧታል፤ አንዱ ይቀበላል፤ አምስቱም ይመዘግባሉ። የልምምዱ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ደብተሮቹ ተሰብስበው በአንድ ቀን ይፈረማሉ። ተቆጣጣሪው ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም፤ ባይፈርም ተማሪው በሌላው ጥፋት ዓመት ሊደግም ነውና።

ማጣሪያው ግን ቀላል ነው። በማዋለጃ ክፍሉ እያንዳንዱ ወሊድ በቀኑና በሰዓቱ የሚመዘገብበት መዝገብ አለ። ኮሌጁ የተማሪዎቹን ደብተሮች ድምር ከዚህ መዝገብ ጋር ያስተያይ። ቀደም ሲል ባየነው ምሳሌ 40 ተማሪዎች ሃያ ሃያ አዋልደናል ብለው 800 ቢመዘግቡ፣ መዝገቡ ደግሞ በዚያ ጊዜ ከቀዶ ጥገና ውጭ 448 ብቻ ቢያሳይ፣ ቢያንስ 352ቱ የተጻፉት ያልተሠራ ሥራ ሆነው ነው። ለዚህ ልዩ ጥናት አያስፈልግም፤ ሁለት መዝገብና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ነገር ግን የሆስፒታሉን መዝገብ ለማየት የኮሌጁ መምህር ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሕሙማኑ ስም ተሸፍኖ ቀኑና ቁጥሩ ብቻ በየወሩ ለኮሌጁ እንዲደርስ በሰነዱ መጻፍ አለበት። ይህ አንቀጽ በተለመደው ሰነድ የለም፤ ስለሌለም ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሳይቀመጡ ዓመታት ያልፋሉ።

ሠ. ሥራ ሲቋረጥ

የመጨረሻው ነጥብ በድሬዳዋ በተደጋጋሚ ከታየው ሁኔታ የሚነሣ ነው። ከተማዋ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የደንጊ ትኩሳት፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የወባ ወረርሽኝ ገጥሟታል። ከእነዚህ በመካከል፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ በኮሮና ቫይረስ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ተቋርጧል። እንዲህ ባለው ጊዜ ሆስፒታል በሰው ይጨናነቃል፤ የተለመደው ሥራው መልኩን ይለውጣል። ተማሪው ይቆይ ወይስ ይውጣ? ከቆየ ረዳት እጅ ነው ወይስ ተማሪ? ከወጣ የቀረው ልምምድ መቼ ይሟላለታል? በሳምንት የተጻፈ ሰነድ ለዚህ መልስ የለውም፤ ሳምንቱ አልፏልና። በሥራ ብዛት የተጻፈ ሰነድ ግን መልሱን በውስጡ ይዟል፤ ተማሪው 12 ወሊድ አጠናቆ ከተቋረጠ 8 ይቀረዋል፤ ሲመለስ ከዚያው ይቀጥላል።

ረ. የሰነዱ ወሰን

ከዚህ በላይ የቀረበው ሒስ ጥሩ ሰነድ ሁሉን ይፈታል የሚል አይደለም። ሰነድ ወሊድ አይጨምርም፤ አዋላጅ አይቀጥርም። እናት ተማሪ እንዳይነካት ብትል ቃሏ ከማንኛውም አንቀጽ ይበልጣል፤ ስሌቱም ይህን ታሳቢ አድርጎ ሰፋ ያለ ቀን መያዝ ይገባዋል። ጤና ጣቢያ የተመደበ ተማሪ ማደሪያና መጓጓዣ ይፈልጋል፤ በተለይ እንደ ዋሂልና ጀልዴሳ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች። ይህ ወጪ ነው፤ ወጪውንም ሰነዱ ለአንዱ ወገን መስጠት አለበት። በተጨማሪም ከአንድ በላይ ኮሌጅ በአንድ ክፍል ሲገናኝ ሁለት ወገን ብቻ የፈረመው ሰነድ ብቻውን አይበቃም። የጤና ቢሮው የኮሌጆቹን የምደባ ጥያቄ ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አኑሮ ቀኑን ካላከፋፈለ፣ እያንዳንዱ ሰነድ ለየብቻው ትክክል ሆኖ በድምሩ የማይቻል ይሆናል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰነድ በጠረጴዛው ላይ የሚቀርብለት መምህር ወይም ዕቅድ አውጪ ከመፈረሙ በፊት በቆይታው አንቀጽ ላይ እርሳስ ይዞ ይቀመጥ። የክፍሉን የቀን ወሊድ ወይም የአልጋ ቁጥር ከሆስፒታሉ ይጠይቅ፤ የሌሎቹን ኮሌጆች ድርሻ ይቀንስ፤ ተማሪው በሚገኝበት ሰዓት ያባዛ፤ ለተማሪዎቹ ያካፍል። ውጤቱ ሥርዓተ ትምህርቱ ከሚጠይቀው ካነሰ ሰነዱን ይመልሰው። ይህ ስሌት ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ሳይሠራ ከቀረ ግን ያልተማረችውን የምትሠራ አዋላጅ ስሌቱን በመጀመሪያ የሥራ ሌሊቷ፣ በአንዲት እናት አልጋ አጠገብ፣ ብቻዋን ትሠራዋለች።